የክኖር ካርቶን ጀርባ ሲነበብ

ደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ንግግር አለ፤ «እኔ እኮ ጨው ትቻለሁ፣ ክኖር ብቻ ነው የምጨምረው።» በቅንነት የሚባል ነው፤ ነገር ግን ክኖርም ሆነ ማጊ፣ ወጥ ውስጥ የምናሟሟው ኩብ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ክብደቱ ወይም ከዚያ በላይ ጨው ነው። ማሸጊያው ላይ የተዘረዘረውን ይዘት ተመልከቱ፤ ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙ ወደ ትንሽ ስለሆነ ጨው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ከዝርዝሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። እኔ ይህችን ሠንጠረዥ እወዳታለሁ፤ ለግፊት በሽተኛ ከእሷ የበለጠ ጠቃሚ ጽሑፍ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የለም። የሚያሳዝነው፣ የሚያገላብጧት ጥቂቶች ካሎሪዋን ብቻ አይተው መመለሳቸው ነው።

መነሻው አጭር ነው። ግፊት የሚጨምረው በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል። ይህ ወደ ጨው ሲለወጥ 5 ግራም አይሞላም፤ ለጥ ብሎ የተሰፈረ አንድ የሻይ ማንኪያ ግድም ማለት ነው። ልኩ ከዳቦው፣ ከወጡና ከበርበሬው የሚመጣውን ሁሉ ይጨምራል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ማሰናከያ ይመጣል። ከአውሮፓ የመጣ ዕቃ «ጨው» ብሎ በግራም ይጽፋል፤ የአሜሪካው «ሶዲየም» ብሎ በሚሊግራም። እኛ አገር ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሸጣሉ። አንዱ ፓኬት ጨው 2 ግራም፣ ሌላው ሶዲየም 900 ሚሊግራም ቢል፣ ዓይን ቶሎ ብሎ ሁለተኛውን ይመርጣል። ሶዲየም ወደ ጨው የሚለወጠው በ2.5 ሲባዛ ነው፤ 900 ሚሊግራም ማለት 0.9 ግራም ነው፣ ሲባዛ 2.25 ግራም ይሆናል። ትንሽ የመሰለው ፓኬት ጨው የሚበዛበት ነበር።

ይሁን እንጂ ሰውን ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው ከቁጥሩ በላይ፣ በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነገር ነው፤ ቁጥሩ የተለካው በምን ያህል ምግብ ነው? በ100 ግራም? በአንድ ኩብ? ወይስ ውሃ ገብቶበት በተዘጋጀ 100 ሚሊ ሊትር ሾርባ? ይህን ሳያዩ ቁጥሩን ማንበብ የጤፍ ዋጋ ሰምቶ የኪሎ ይሁን የኩንታል ሳይጠይቁ እንደመሄድ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ባለ 10 ግራም ኩብ ካርቶን ላይ «በተዘጋጀ 100 ሚሊ ሊትር፣ ጨው 1 ግራም» ተብሎ ተጽፏል እንበል። አንድ ግራም ጨው አያስደነግጥም። ግን ከጎኑ ያለው የአሠራር መመሪያ አንዱን ኩብ በግማሽ ሊትር ውሃ አሟሙ ይላል። ግማሽ ሊትር ውስጥ አምስት ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር አለ፤ ስለዚህ ኩቡ የያዘው 5 ግራም ጨው ነው። የአንድ ሰው የሙሉ ቀን ልክ በአንዲት ኩብ ውስጥ ተጠቅልሏል። አምራቹ አልዋሸም፤ የለካው ኩቡን ሳይሆን ሾርባውን ነው።

እኛ ደግሞ ሾርባውን እንደ መመሪያው አንሠራም። ኩቡ የሚገባው ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ውስጥ ነው፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ በእኛ ማድቤት ሂሳቡን ከውሃው ሳይሆን ከኩቡ መጀመር ይሻላል። ለአራት ሰው በተሠራ ድስት ውስጥ ሁለት ኩብ ከገባ 10 ግራም ጨው ገብቷል፤ ለአንድ ሰው 2.5 ግራም ይደርሰዋል። ይህ የቀኑ ግማሽ ነው፤ ያውም ሲቀመስ «አልጣፈጠም» ተብሎ የሚጨመረው ቁንጥጫ ሳይቆጠር፣ ሲዘጋጅ ጨው የገባበት በርበሬና ሽሮም ሳይታሰብ። ያው ወጥ ለእራት ከተደገመ የቀኑ ልክ አልቋል።

ደግሞ የችርቻሮ ነገር አለ። ሰፈር ሱቅ ኩብ የሚሸጠው ፍሬ በፍሬ ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ያለው ካርቶኑ ላይ ነው። ገዢው አንዷን ፍሬ ይዞ ሲሄድ ቁጥሩ ሱቅ ይቀራል። ባለሱቁን ካርቶኑን አሳየኝ በሉት፤ እኔ ስጠይቅ እምቢ ያለኝ የለም። ካርቶኑ ተጥሎ ከሆነ የኩቡን ክብደት አስቡና ቢያንስ ግማሹን ጨው አድርጋችሁ ቁጠሩት። ግምት ነው፤ ጨው የለውም ብሎ ከማሰብ ግን ለእውነቱ በጣም ይቀርባል።

ኢንዶሚ እያልን የምንጠራው ፈጣን ፓስታም ያው የልክ ጣጣ አለበት። ባለ 75 ግራም ፓኬት ላይ «በ100 ግራም፣ ሶዲየም 1,200 ሚሊግራም» ከተባለ ሙሉው ፓኬት 900 ሚሊግራም አለው፤ በጨው 2.25 ግራም። ከአሜሪካ ዘመድ በላከው ላይ ደግሞ «አንድ ጊዜ የሚበላ» የተባለው የፓኬቱ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ግማሽ በልቶ ግማሹን የሚያስቀምጥ ሰው አላየሁም፤ እንዲህ ያለ ከሆነ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉ። በዚያው መስመር ያለው በመቶኛ የተጻፈ ቁጥርም ለዚያው ግማሽ የወጣ ነው፤ የተሰላውም ከ2,300 ሚሊግራም እንጂ ከ2,000 አይደለም። ለጨረፍታ ግን ይጠቅማል፤ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ብዙ፣ 5 በመቶና ከዚያ በታች ትንሽ ነው።

«ቅመሙን ግማሹን ነው የምጨምረው» የሚሉ አሉ፤ መልካም ልማድ ነው፣ ግን ሶዲየሙ በግማሽ አይቀንስም። ፓስታው ራሱ ሲቦካ ጨው ይገባበታል። ከ900ው ሚሊግራም 250ው በፓስታው፣ 650ው በቅመሙ ውስጥ ቢሆን፣ ግማሹን ቅመም የጣለ ሰው 575 ይቀረዋል። ፓስታውን ለብቻው ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ከዚያ ጥቂት ቅመም ነስንሶ መብላት የተሻለ ነው። በሾርባ ከተሠራም ሾርባውን ሳይጠጡ መተው ብዙ ሶዲየም ያስቀራል።

ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ማስታወቂያ ግን በሠንጠረዡ ሳታረጋግጡ አትመኑት። «ኤምኤስጂ የለውም» ማለት ጨው የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ኤምኤስጂ የሚይዘው ሶዲየም ክብደት ለክብደት ከጨው ሲሶ ግድም ነው። «ሶዲየም የተቀነሰለት» የሚለውም በአሜሪካም በአውሮፓም ከተመሳሳይ ምርት ቢያንስ በ25 በመቶ አንሷል ማለት ነው። ባለ 5 ግራም ጨው ኩብ በሩብ ቢቀነስ 3.75 ግራም ይቀረዋል።

ጨው የተቀነሰለት ኩብ ስታገኙ ይዘቱን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡ፤ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚል ካለ በጨው ፋንታ የገባ ነው። ለብዙ ሰው ጉዳት የለውም። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን፣ ወይም ለግፊቱ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ፣ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ሊጠራቀምና የልቡን ምት ሊያዛባ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ኩቡን ከመጀመሩ በፊት ማሸጊያውን ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ።