ስሙን ጎረቤቱ የሚያውቅለት ሣጥን

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የውሃ ማሸጊያው መስመር በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ጠርሙሶቹ ኮንቬየሩ ላይ እንደተሰለፉ ቀሩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ስሞች ቀይ ሆነዋል፤ capper-io እና labeler-io። አንዱ የክዳን መግጠሚያው፣ ሌላው የሌብል መለጠፊያው ነው።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ተቃጠሉ እኮ!» አለኝ አብሮኝ ያደረው የጥገና ልጅ።

ሁለቱም አልተቃጠሉም ነበር። ለምን እንዳልተቃጠሉ ለማስረዳት ግን ሣጥኖቹ ምን እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። መስመሩን የሚመራው ፒኤልሲ የሚባለው ኮምፒውተር ዋናው ፓኔል ውስጥ ተቀምጧል። ማሽኖቹ ደግሞ ራቅ ራቅ ብለው ቆመዋል። የእያንዳንዱን ሴንሰርና ቫልቭ ሽቦ እስከ ዋናው ፓኔል መጎተት ብዙ ኬብል ይፈጃል። ስለዚህ በየማሽኑ ጎን ትንሽ ፓኔል ይሰቀልና ሽቦዎቹ እዚያው ይታሰራሉ። ውስጡ ያለው ሪሞት አይኦ የሚባል ሣጥን የሽቦዎቹን ወሬ ሰብስቦ በአንድ የኔትወርክ ኬብል ለፒኤልሲው ያደርሳል። ፒኤልሲውና ሣጥኖቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ፕሮፊኔት ይባላል፤ የሚሄደውም ቢሮ ውስጥ በምናውቀው ኢተርኔት ላይ ነው።

የእኛዎቹ ሣጥኖች የተያያዙት በሰንሰለት ነው። ከፒኤልሲው ወደ ውሃ መሙያው filler-io፣ ከዚያ ወደ capper-io፣ ከዚያ ወደ labeler-io። እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት የኬብል ቀዳዳ አለው፤ በአንዱ ይቀበላል፣ በሌላው ያሳልፋል። መካከለኛው ከሞተ የሚያሳልፍ ስለማይኖር ከእሱ ወዲያ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ባለ አሰላለፍ ብዙ ሣጥን አንድ ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ መታየት ያለበት ለፒኤልሲው ቅርብ የሆነው ነው። የክዳን መግጠሚያውን ፓኔል ስንከፍት ውሃ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ማታ ማሽኑን ሲያጥቡ ባረጀው የበር ጎሚኒ በኩል ገብቷል። 24 ቮልቱ ይደርሳል፣ ሣጥኑ ላይ ግን አንድም መብራት የለም።

መለዋወጫው ስቶር ውስጥ ነበር። ሣጥኑ ኢቲ 200ኤስፒ ከሚባለው የሲመንስ ቤተሰብ ስለሆነ መለወጡ ራሱ ከባድ አይደለም። ሽቦዎቹ የታሰሩት ከጎን ባሉት መቀመጫዎች ላይ ነው፤ የሚነቀለው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ደግነቱ ውሃው ከጭንቅላቱ አላለፈም። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ አዲሱ ሣጥን ማን እንደሆነ አያውቅም። በድሮው ፕሮፊባስ ዘመን ይህ ጣጣ አልነበረም። ብዙዎቹ ሣጥኖች ላይ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሩ። የአሮጌውን ቁጥር ታያለህ፣ አዲሱን በካቻቪቴ ጫፍ እንደዚያው ታደርጋለህ፣ አለቀ። በፕሮፊኔት ግን ሣጥኑ የሚታወቀው በስም ነው፤ ስሙ ደግሞ ውስጡ ስለሚጻፍ በዓይን አይታይም።

ስም ለምን አስፈለገ? እያንዳንዱ የኔትወርክ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ ማክ አድራሻ የሚባል ቁጥር ይዞ ይወጣል። ያ ቁጥር የዕቃው እንጂ የሥራ ቦታው አይደለም። ፒኤልሲው ሣጥኖቹን በማክ አድራሻ ቢያውቃቸው ኖሮ አንድ ሣጥን በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ መነካት ነበረበት። ስሙ ግን የቦታው ነው። ማንም ይምጣ ማን፣ ክዳን መግጠሚያው ጋ የተቀመጠው capper-io ይባላል።

ፒኤልሲው ሲነሣ ኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ ጥሪ ያሰማል፤ «capper-io ማነው?» የሚል። ይህን የሚሠራው ዲሲፒ የሚባለው የፕሮፊኔት ክፍል ነው። ስሙ የእሱ የሆነው ሣጥን «እኔ ነኝ» ብሎ ከነማክ አድራሻው ይመልሳል። ቀጥሎ ፒኤልሲው ሊሰጠው ያሰበውን አይፒ አድራሻ ሌላ ሰው እንዳልያዘው ያጣራል። የኛው 192.168.10.12 ነበር። ነጻ ከሆነ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ግንኙነት ይከፍትና የእያንዳንዱን ሞጁል ቅንብር ይልክለታል። ቅንብሩ ያለው ፒኤልሲው ጋ ስለሆነ አዲስ ሣጥን ላይ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። የሚጎድለው ስሙ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አይፒ አድራሻውን በእጁ ሊያስገባ ይታገላል፤ ስም ከሌለ ግን ጥሪውን የሚመልስ የለም፣ አድራሻውም ዋጋ የለውም።

የተለመደው መንገድ ላፕቶፕ አምጥቶ፣ ሣጥኑን በማክ አድራሻው ለይቶ፣ ስሙን መጻፍ ነው። ላፕቶፑና ፕሮጀክቱ ያሉት ግን መስመሩን ከተከለው ኢንጂነር ጋር ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ከተማ ተኝቷል። ከአሮጌዎቹ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ስማቸውን በትንሽ ካርድ ይይዙ ነበር፤ ካርዷን ነቅሎ ወደ አዲሱ ማዛወር ይበቃ ነበር። የኛው እንዲህ ያለ ካርድ የለውም።

ያለን ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ከሁሉም ብልህ ሆኖ የማገኘውም እሱን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር ጠይቆ ቤት የሚያገኝ ስንት ሰው አለ? «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር» ነው የሚባለው። ፕሮፊኔትም ያንኑ ያደርጋል። ሣጥኖቹ በየጥቂት ሰከንዱ ኤልኤልዲፒ በሚባል መልእክት ከጎረቤታቸው ጋር ይተዋወቃሉ። filler-io በሁለተኛ ቀዳዳው በኩል «እኔ filler-io ነኝ፣ ይህ ቀዳዳዬ ሁለተኛው ነው» ይላል። ከዚያ ቀዳዳ ጋር የተገናኘው አዲስ ሣጥን ይህን ሰምቶ የራሱ ስም ባይኖረውም የጎረቤቱን ስም ይይዛል። ፒኤልሲው «capper-io» ብሎ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ሁለተኛ ጥሪ ያሰማል፤

```
port-002.filler-io
```

«ከfiller-io ሁለተኛ ቀዳዳ ጋር የተገናኘኸው ማነህ?» ማለቱ ነው። አዲሱ ሣጥን ይመልሳል። ፒኤልሲው «እንግዲያው አንተ capper-io ነህ» ብሎ ስሙን ይጽፍለታል፣ አድራሻውን ይሰጠዋል፣ ሥራ ይጀመራል። ላፕቶፕ የነካ የለም።

ይህ እንዲሆን ግን ኢንጂነሩ ገና ሲተክለው ሁለት ነገር አድርጎ መሄድ አለበት። አንደኛ፣ የትኛው ቀዳዳ ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ፕሮጀክቱ ውስጥ መሣል አለበት፤ ሥዕሉ ከሌለ ፒኤልሲው ማን የማን ጎረቤት እንደሆነ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ቲያ ፖርታል በሚባለው የሲመንስ ፕሮግራም ውስጥ በፒኤልሲው የፕሮፊኔት ቅንብር ላይ ይህ ምልክት መደረግ አለበት፤

```
Support device replacement without exchangeable medium
```

ኢንጂነሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። «ሁለቱም አሉ፣ ዝም ብለህ ቀይር» አለኝና ስልኩን ዘጋ።

ቀየርን። ኬብሎቹን ከመንቀላችን በፊት በስልክ ፎቶ አንሥተናል፤ የጎረቤቱ ቀዳዳ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይበላሻልና። ፓኔሉን አድርቀን ኃይል ሰጠን። የኬብሎቹ አረንጓዴ መብራቶች በሩ፤ labeler-io ወዲያው ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። አዲሱ ሣጥን አሁን መልእክት ያሳልፋል ማለት ነው፣ ለማሳለፍ ስም አያስፈልገውምና። የራሱ ቀይ የስህተት መብራት ግን ብልጭ ድርግም ማለቷን አላቆመችም። አንድ ደቂቃ ጠበቅን። ሁለት። ሦስት።

እነዚህ ሁለት መብራቶች አብረው ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። የኬብሉ አረንጓዴ ከበራ ሽቦውም መሰኪያውም ደህና ነው። ቀይዋ ብልጭ የምትል ከሆነ ፒኤልሲው ሣጥኑን የራሱ አላደረገውም፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ስሙ ነው።

ልጁ የመለዋወጫውን ካርቶን አገላብጦ ያየው ያኔ ነው። ማሸጊያው ተከፍቷል። ለካስ ሣጥኑ አዲስ አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት ለፓሌት ማሰሪያው ተገጥሞ፣ ችግሩ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ተነቅሎ ወደ ስቶር የተመለሰ ነው። ያኔ የተሰጠው ስም ውስጡ አለ። ፒኤልሲው «ከfiller-io ቀጥሎ ያለኸው ማነህ?» ሲል ሣጥኑ «እኔ packer-io ነኝ» እያለ ይመልሳል። ፒኤልሲውም የሰው ስም ያለውን አይነካም። ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ሳይጠይቅ ስም የሚቀይር ቢሆን አንድ የተሳሳተ ኬብል የሌላውን ማሽን ሣጥን ክዳን መግጠሚያ አድርጎት ሊያድር ይችላል። በአዳዲሶቹ ፒኤልሲዎች ስም ያለውንም እንዲቀይር መፍቀድ ይቻላል፤ የኛው አልተፈቀደለትም።

መፍትሔው ስሙን ማጥፋት ነው። የዚህ ሣጥን ማጥፊያ ቁልፍ ከኋላው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቋል። ኃይሉ ሳይቋረጥ ሣጥኑን ከሐዲዱ አላቅቄ ወደ ታች አዘነበልሁት፣ ቀጭን ካቻቪቴ አስገብቼ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ መጫን ስላለበት እስከ አምስት ቆጠርሁ። መብራቶቹ ጠፍተው ተመለሱ። ወደ ቦታው መለስሁት። ጥቂት ቆይቶ ቀይዋ ጠፋች፣ አረንጓዴዋ ሳትርገበገብ በራች። ኦፕሬተሩ ከስክሪኑ በኩል «መጣ!» ሲል ሰማነው።

ዕድለኞች ነበርን እላለሁ፤ ሌላ ቦታ ያየሁትን ሳስታውስ። በሁለት ሣጥኖች መካከል አንድ ሰው ላፕቶፕ ለመሰካት ብሎ ርካሽ ባለ አምስት ቀዳዳ ስዊች አስገብቶ ረስቶታል። መስመሩ ያለ ችግር ይሠራል፤ የስም ጥሪው በስዊቹ ውስጥ ያልፋልና። የጎረቤት ሰላምታው ግን እንደ ስዊቹ ዓይነት እዚያው ይቀራል፣ ወይም በሁሉም ቀዳዳ ይረጫል። ሰንሰለቱ የተበጠሰበት መስመር ምንም ምልክት ሳያሳይ ወራት ይሠራል፤ የሚታወቀው ሣጥን የተቀየረ ሌሊት ነው። ስለዚህ አዲስ መስመር ስረከብ ምርት ሳይጀመር አንድ ሣጥን ስሙን አጥፍቼ ላፕቶፑ ተዘግቶ ራሱ ሲመለስ ማየት እፈልጋለሁ። ተረካቢዎች ብዙ ጊዜ ይህን አይጠይቁም፤ ተካዮችም ካልተጠየቁ አያሳዩም።

ጠዋት ስቶር ውስጥ የቀሩትን ሁለት መለዋወጫዎች አውጥተን ጠረጴዛ ላይ 24 ቮልት ሰጥተን አጠፋናቸው። በካርቶኖቹ ላይ በወረቀት ፕላስተር «ስሙ ጠፍቷል» ብዬ ቀኑን ጻፍሁ። የስቶር ኃላፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበችው።

«ጋሼ፣ የማንን ስም ነው ያጠፋችሁት?»