የተሸፈነው የአፋር ካርታ

የሥዕል ካርድ ሥዕሉን ያሳያል፤ አንዱን ስም ወይም ምልክት ግን በባለቀለም ሳጥን ይሸፍናል። አጥኚው ከሳጥኑ ሥር ያለውን በልቡ ይመልስና ሳጥኑን ያነሳል። አንኪ በተባለው የማጥኛ ፕሮግራም ውስጥ ይህ አሠራር Image Occlusion የሚባል ሲሆን እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ካርድ ይሆናል።

ስለ አፋር የተሰጠ አንድ የሥነ ምድር ትምህርት እንውሰድ። በአፋር ሦስት ስንጥቆች ይገናኛሉ፤ እነሱም ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ናቸው። በመካከላቸው የኑቢያ፣ የሶማሊያና የአረቢያ ፕሌቶች አሉ። አስተማሪው በስክሪን የሚያሳየው ካርታ ብዙውን ጊዜ በከተሞች፣ በእሳተ ገሞራዎችና በቀስቶች የተጨናነቀ ስለሆነ እንዳለ ማንሳት አይበጅም። የባሕሩን ዳርቻና ሦስቱን ስንጥቆች ብቻ በወረቀት ስሎ፣ ስድስቱን ስሞች ጽፎ ፎቶ ማንሳት ይሻላል። ስድስት ሳጥን ስድስት ካርድ ይወጣዋል።

ችግሩ የሚመጣው አንድ ሳጥን ብቻ ሲሸፈን ነው። «ኑቢያ» እና «ሶማሊያ» እየታዩ ሦስተኛውን ፕሌት ማወቅ ዕውቀት ሳይሆን ቅነሳ ነው። ስለዚህ Hide All, Guess One የሚለው ምርጫ ይመረጣል፤ ሁሉም ስሞች ይሸፈኑና አንዱ ብቻ ይጠየቃል። ሳጥኖቹም እኩል ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ በቃሉ ልክ የተቆረጠ ሳጥን «የኤደን ባሕረ ሰላጤ»ን በርዝመቱ ብቻ ያጋልጣል።

ሌላው ስውር ችግር አጥኚው ካርታውን ሳይሆን የሳጥኑን ቦታ መሸምደዱ ነው፤ «ከላይ በስተቀኝ ያለው አረቢያ ነው» ብሎ ይመልሳል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ባዶ ወረቀት ወስዶ ሦስቱን ስንጥቆች መሳል። እጁ ከቆመ ወይም ስንጥቆቹን ካደባለቀ፣ በካርዱ ላይ ሁልጊዜ ትክክል ቢመልስም ካርታውን አያውቀውም።

ሳጥን የማይጠይቀው ነገርም አለ። ቀይ ባሕር ኑቢያንና አረቢያን፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ አረቢያንና ሶማሊያን፣ ስምጥ ሸለቆው ደግሞ ኑቢያንና ሶማሊያን ይለያያል። ይህ ግንኙነት ስለሆነ ተራ የጥያቄና መልስ ካርድ ይፈልጋል። ስምጥ ሸለቆው በዓመት ወደ 5 ሚሊሜትር ገደማ የሚሰፋ መሆኑም እንዲሁ።

አስተማሪው በቃል ብቻ የተናገረው በካርዱ ጀርባ፣ Back Extra በሚለው ቦታ ይሰፍራል። ለምሳሌ በቀይ ባሕር ካርድ ጀርባ፣ ስንጥቁ ወደ አፋር ምድር በሚዘልቅበት በዳባሁ እ.ኤ.አ. በ2005 ማግማ ከሥር ሰርጎ በመግባቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ መሬቱ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር መከፈቱ ሊጻፍ ይችላል። በዓመት በሚሊሜትር የሚለካው አማካይ ፍጥነት በየቀኑ እኩል እየተንሸራተተ ሳይሆን እንዲህ አልፎ አልፎ በድንገት የሚከፈል መሆኑን አጥኚው ካርታውን ባየ ቁጥር ያስታውሳል።