ጤና ጣቢያው የት ይሠራ? የአምቡላንስ ደቂቃዎች ስሌት

በአንድ ወረዳ አዲስ ጤና ጣቢያ ሊሠራ ሲታሰብ ቦታው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ዘወትር ክርክር ያስነሳል። የከተማው ነዋሪ የሕዝቡን ብዛት፣ የዳር ቀበሌው ነዋሪ ደግሞ የመንገዱን ርዝመትና የክረምቱን ጭቃ እያነሣ የሚከራከር ሲሆን፣ ውሳኔው ብዙ ጊዜ በካርታ ላይ መሀል በሚመስለው ስፍራ ላይ ያርፋል። በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት አደረጃጀት የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የሚሠራ መሆኑ ይታወቃል፤ ይህ መስፈርት ግን ተቋሙ ስንት ሰው እንደሚያገለግል ይናገር እንጂ እያንዳንዱ ሰው በጭንቅ ሰዓት በስንት ደቂቃ እንደሚደርስበት አይናገርም።

የጊዜው ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በወሊድ ላይ ነው። ሴሪን ታዴየስ እና ዴቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት እናቶችን ለሞት የሚዳርገውን መዘግየት በሦስት ከፍለውታል፤ የመጀመሪያው ሕክምና ለመሻት በመወሰን ላይ፣ ሁለተኛው ወደ ተቋሙ በመድረስ ላይ፣ ሦስተኛው በተቋሙ ውስጥ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ላይ የሚደርስ መዘግየት ነው። የጤና ጣቢያው ቦታና አምቡላንሱ በቀጥታ የሚነኩት ሁለተኛውን ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ሕክምና ካላገኘ በአማካይ በ2 ሰዓት ገደማ ሊገድል እንደሚችል ስለሚገመት፣ ቦታ የሚመርጥ ሰው ከጥሪው እስከ ጤና ጣቢያው በር ያለው ጊዜ ከ120 ደቂቃ እንዳይበልጥ አድርጎ ቢያሰላ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእርግጥ ጤና ጣቢያ ደም የሚያቆም መድኃኒት ይሰጣል፣ የቀረ እንግዴ ልጅም ያወጣል፤ ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት ግን የሆስፒታል ሥራ በመሆናቸው ከዚያ የሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ስሌት ይፈልጋል።

ይህ ጊዜ አንድ ወጥ ቁጥር ሳይሆን የብዙ ክፍሎች ድምር ነው። ስልኩ እስኪነሣ፣ ሹፌሩ እስኪገኝና መኪናው እስኪነሣ ድረስ የሚጠፋው የመነሻ ጊዜ አለ፤ ወደ ታማሚዋ የሚደረገው ጉዞ፣ ቀጥሎም እርሷን አንሥቶ የመጫኛው ጊዜ አለ፤ በመጨረሻም ወደ ተቋሙ የሚደረገው መልስ አለ። አምቡላንሱ የሚቆመው በጤና ጣቢያው ግቢ ከሆነ አንዱ መንገድ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ማለት ነው፤ ርቀትን ብቻ የሚመለከት ዕቅድ በብዛት የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው።

የጉዞው ክፍል የሚገኘው ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል ሲሆን፣ ስሕተቱ የሚገባው ፍጥነቱ ለመላው መንገድ በአንድ አማካይ ቁጥር ሲወሰድ ነው። መንገዱ በአስፋልት፣ በጠጠርና በበጋ መንገድ፣ ማለትም በደረቅ ወቅት ብቻ መኪና በሚያስኬደው ጥርጊያ መንገድ፣ ከተከፋፈለ በኋላ የእያንዳንዱ ክፍል ጊዜ ለየብቻ ተሰልቶ ደቂቃዎቹ መደመር አለባቸው፤ ፍጥነቶቹን ደምሮ ማካፈል አይቻልም። ፍጥነቱም ከሹፌሩ ግምት ይልቅ ከአምቡላንሱ የጉዞ መዝገብ ቢወሰድ ይሻላል፤ በመዝገቡ ላይ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ ጋር ይጻፋልና። ይሁን እንጂ መዝገቡም መመርመር አለበት። የሰዓቶቹ ደቂቃ ሁሉ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ከሆነ፣ ወይም በጥርና በነሐሴ ለአንድ ቀበሌ የተጻፈው የጉዞ ጊዜ እኩል ሆኖ ከተገኘ፣ ሰዓቱ በጉዞው ወቅት ሳይሆን በኋላ በግምት የተሞላ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ይታያል። ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ተብለው የተሰየሙ አራት ሰፈሮች በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረዋል እንበል። ከከተማው ከሀ እስከ ለ 20 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ከለ እስከ ሐ 10 ኪሎ ሜትር ጠጠር፣ ከሐ እስከ መ 6 ኪሎ ሜትር የበጋ መንገድ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹም በቅደም ተከተል 9,000፣ 6,000፣ 6,000 እና 4,000፣ በድምሩ 25,000 ናቸው። ለጤና ጣቢያው የታጩት ቦታዎች ለ እና ሐ ናቸው። በኪሎ ሜትር ሲታይ ክርክር የሚያስፈልግ አይመስልም፤ የአንድ ነዋሪ አማካይ ርቀት ለ ቢመረጥ 12፣ ሐ ቢመረጥ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሩቁ ነዋሪ ርቀትም በለ 20፣ በሐ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ለ በሁለቱም መለኪያ ይበልጣል።

በበጋ በአስፋልቱ በሰዓት 60፣ በጠጠሩ 30፣ በበጋው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ይኬዳል ቢባል ግን ሦስቱ ክፍሎች 20፣ 20 እና 24 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ከሁሉ አጭር የሆነው የ6 ኪሎ ሜትር ክፍል ብዙ ደቂቃ የሚወስደው ሆነ ማለት ነው። አማካዩ ጊዜ አሁንም በለ 19፣ በሐ 23 ደቂቃ በመሆኑ ለ ይሻላል፤ የሩቁ ነዋሪ ጊዜ ግን በለ 44፣ በሐ 40 ደቂቃ ሆኖ ብልጫው ወደ ሐ ይዞራል። ለመነሻ 10፣ ለመጫኛ 10 ደቂቃ ታክሎ ምልልሱ ሲቆጠር፣ ጤና ጣቢያውም አምቡላንሱም ለ ላይ ቢሆኑ የመዋ እናት በ108 ደቂቃ፣ ሁለቱም ሐ ላይ ቢሆኑ ደግሞ የሀዋ እናት በ100 ደቂቃ ትደርሳለች። በበጋ እንግዲህ ሁለቱም ቦታዎች ከ2 ሰዓቱ ገደብ አያልፉም፤ በጥቅምት ወይም በጥር ብቻ ተዘዋውሮ ያየ አጥኚም ጥያቄው የተዘጋ ሊመስለው ይችላል።

ክረምት ሲገባ ሥዕሉ ይለወጣል። ጠጠሩ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ወርዶ 30 ደቂቃ ሲፈጅ፣ ከሐ እስከ መ ያለው መንገድ ግን መኪና አያስገባም፤ እናቲቱን የቀበሌው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እየሄዱ በ90 ደቂቃ ሐ ያደርሷታል። ከለ እስከ መ ያለውን ጊዜ 20ን እና 4ን ደምሮ ለ2 በማካፈል፣ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብሎ ያሰላ ሰው ለ16ቱ ኪሎ ሜትር 80 ደቂቃ ያገኛል፤ እውነተኛው ድምር ግን 30 እና 90፣ ማለትም 120 ደቂቃ ነው። በአንድ የተሳሳተ አማካይ ምክንያት 40 ደቂቃ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ደም ለሚፈስሳት እናት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም እዚህ ላይ መስተዋል አለበት። ቃሬዛው በመንገድ ላይ እያለ አምቡላንሱም ከለ ተነሥቶ ሐ ድረስ ሊመጣና ሊጠብቅ ስለሚችል፣ ሁለቱ ጊዜዎች አይደመሩም፤ የሚቆጠረው ከሁለቱ ረጅሙ ብቻ ነው። ተሸካሚ ለመሰብሰብ 10፣ ለሸክሙ 90፣ ለመጫኛ 10፣ እስከ ለ ለሚደረገው ጉዞ 30 ደቂቃ ሲቆጠር ድምሩ 140 ደቂቃ ነው። አምቡላንሱ ከሌላ ቦታ ቢነሣም፣ አንድ ሁለተኛ አምቡላንስ ቢገዛም ይህ ቁጥር አይቀንስም፤ ጊዜውን የያዘው ቃሬዛው ነውና። ጤና ጣቢያው ሐ ላይ ከሆነ ግን የመዋ እናት በ100 ደቂቃ ውስጥ በሩ ላይ ናት።

የሐ ድክመት ያለው በሌላው ጫፍ ነው። ከሐ የሚነሣው አምቡላንስ በክረምት ሀ ለመድረስ 50፣ ለመመለስም 50 ደቂቃ ስለሚፈጅበት ጠቅላላው ጊዜ ልክ 120 ይሆናል፤ በገበያ ቀን ጋሪው፣ ባጃጁና የሚነዳው ከብት በከተማው መግቢያ ላይ በያንዳንዱ አቅጣጫ 10 ደቂቃ ቢያስቆም 140 ደርሶ የ9,000 ሰው ከተማ ከገደቡ ይወጣል። መፍትሔው የጤና ጣቢያው ቦታና የአምቡላንሱ ማረፊያ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን ከመገንዘብ ይጀምራል። ጤና ጣቢያው ሐ ላይ ተሠርቶ አምቡላንሱ ሀ ላይ ቢያድር፣ በክረምት የሀዋም የለዋም እናት በ70 ደቂቃ፣ በገበያ ቀንም የሀዋ በ80 ደቂቃ ትደርሳለች፤ የመዋ እናት በቃሬዛ 100፣ በበጋ ደግሞ አምቡላንሱ ከሀ እስኪመጣ ተጠብቆ 108 ደቂቃ ይፈጅባታል። ከአራቱ ሰፈሮች አንድም ከገደቡ የሚወጣ የለም፤ ይህን ያስገኘውም በኪሎ ሜትር መለኪያ የተሸነፈው ቦታ ነው።

በትልቅ ከተማ ችግሩ ከመንገዱ ዓይነት ወደ ሰዓቱ ይዞራል። በአዲስ አበባ 6 ኪሎ ሜትር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢኬድ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ፍጥነቱ ወደ 10 ቢወርድ 36 ይሆናል። ከ10 ጥሪዎች 8ቱ በ12፣ 2ቱ በ36 ደቂቃ ቢደረስባቸው አማካዩ 17 ገደማ ስለሚሆን መጥፎ አይመስልም፤ የሁለቱ ታማሚዎች ዕጣ ግን በውስጡ ተሸፍኗል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለሕይወት አስጊ ጥሪዎች ሁለት መለኪያ በአንድ ላይ የተቀመጠው፣ ማለትም አማካዩ 7 ደቂቃ፣ ከ10 ጥሪዎች 9ኙ ደግሞ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይሁን የተባለው፣ አማካዩ ብቻውን ይህን ስለሚሰውር ነው። ሳይረንም መኪና ገለል የሚልበት ስፍራ ካለ እንጂ በግራና በቀኝ በታጠረ ጎዳና ላይ ብዙ አይረዳም። ቀላል ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሐዲዱ በምድር ላይ በሚያልፍባቸው ጎዳናዎች ከማዶ ያለ ቤት በካርታ ጥቂት ሜትር ቢርቅም፣ አምቡላንሱ እስከ ማቋረጫው ሄዶ መዞር አለበት፤ ስለዚህ በከተማ ርቀት የሚለካው በቀጥታ መስመር ሳይሆን መኪና በእርግጥ በሚሄድበት መንገድ ነው። አጭር ጉዞም በረጅም ጉዞ ፍጥነት አይሰላም፤ ፒተር ኮልሳርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ የእሳት አደጋ መኪናዎችን አጥንተው እንዳሳዩት፣ መኪናው በአጭር ርቀት ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ ስለሚደርስ አማካይ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል።

እስካሁን ያለው ስሌት ሁሉ አምቡላንሱ ጥሪው ሲመጣ ሥራ ፈት ሆኖ እንደሚገኝ ይገምታል። በምሳሌው ወረዳ ከሀ የተነሣው መኪና በክረምት የለዋን እናት ሐ አድርሶ ወደ ማረፊያው እስኪመለስ 110 ደቂቃ ይይዘዋል፤ በቀን 3 እንዲህ ያሉ ጥሪዎች ቢኖሩ ከ24 ሰዓቱ 5 ሰዓት ተኩል ተይዞ ይውላል፤ ስለዚህ ከ4 ወይም ከ5 አዳዲስ ጥሪዎች አንዱ መኪናውን በሌላ ጉዞ ላይ ያገኘዋል። ታማሚ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ይህ ድርሻ ይጨምራል፤ ነዳጅ ሲያልቅ ወይም መኪናው ጋራዥ ሲገባ ደግሞ ስሌቱ ሁሉ ወደ ቃሬዛና ወደ ባጃጅ ፍጥነት ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ለሩቁ ሰፈር ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ከጤና ጣቢያው ጎን መሥራት ከሁለተኛ መኪና ይልቅ ብዙ ደቂቃ ሊያተርፍ ይችላል፤ በማቆያው ላለች እናት ከሐ እስከ መ ያለው መንገድ ከስሌቱ ይወጣልና። ጤና ጣቢያው ከተከፈተ በኋላም በመጀመሪያው ክረምት የእያንዳንዱ ጥሪ፣ የመነሻ፣ የመጫኛና የመድረሻ ሰዓት ለየብቻ ተመዝግቦ ከግምቱ ጋር ቢነጻጸር፣ የዘገየው ስልኩ፣ ጠጠሩ ወይስ ቃሬዛው መሆኑ በቀጥታ ይታወቃል።