ስንት ሰው አየው? ስንት ጊዜስ ታየ?

በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የቆዳ ቦርሳ ሱቅ የአዲስ ምርቱን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለቀቀ፤ ከፍሎም ቡስት አደረገው እንበል። በሳምንቱ ሪች 20,000፣ ኢምፕሬሽን 50,000 ሆነ፤ ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼርና ሴቭ ተደምረው 600 ደረሱ። ባለሱቁ «50,000 ሰው አየልኝ» ካለ ግን ተሳስቷል።

ሪች ማስታወቂያው የደረሰውን እያንዳንዱን አካውንት አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጥራል። ኢምፕሬሽን ደግሞ ፎቶው ስክሪን ላይ በወጣ ቁጥር ይጨምራል። አንዲት ደንበኛ ጠዋት፣ ማታና በማግስቱ ብታየው ሪቹ ላይ አንድ፣ ኢምፕሬሽኑ ላይ ሦስት ሆና ትመዘገባለች። 50,000 ለ20,000 ሲካፈል 2.5 ይመጣል፤ አንድ ሰው በአማካይ ያየው ይህን ያህል ጊዜ ነው። በሙያው ቋንቋ ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ዋና መለኪያ ያደረገው ቪውስም ድግግሞሽን ስለሚቆጥር ከሪች ጋር መምታታት የለበትም።

ኢንጌጅመንት ሬት ካዩት ውስጥ ምን ያህሉ ምላሽ እንደሰጡ በመቶኛ ያሳያል። ችግሩ አካፋዩ ላይ ነው። 600ው ምላሽ ለሪቹ ሲካፈል 3 በመቶ፣ ለኢምፕሬሽኑ ሲካፈል 1.2 በመቶ ይሆናል። ሱቁ 8,000 ተከታዮች ካሉት ደግሞ ያው ምላሽ 7.5 በመቶ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ገጾችን የሚያወዳድር ሰው በቅድሚያ ቁጥሩ በምን ተካፍሎ እንደተገኘ ሊጠይቅ ይገባል።

የትኛው መታየት እንዳለበት የሚወስነው ገዢው የደረሰበት ደረጃ ነው። ሱቁን ጨርሶ በማያውቁት ሰዎች ዘንድ ለመታወቅ ሲፈለግ የሚጠበቀው ሪች ነው፤ አዳዲስ ዓይኖች መጨመራቸውን የሚናገረው እሱ ነውና። ሰዎች ምርቱን አውቀው ማመዛዘን ሲጀምሩ ተራው የኢንጌጅመንት ሬት ነው። እዚህ ላይ የምላሹ ዓይነት ይለያያል። ሴቭ ማድረግ፣ ለጓደኛ መላክና «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከተራ ላይክ ይልቅ የመግዛት ሐሳብን ይጠቁማሉ። የሽልማት ውድድር ያመጣው የላይክ ጎርፍ ግን ሬቱን ሰማይ ቢያደርሰውም ቦርሳ ላያሸጥ ይችላል።

በግዢው ደረጃ ከሦስቱ አንዱም ብቻውን አይበቃም። በውስጥ መስመር የገባው መልእክት፣ የተደወለው ስልክና የተሸጠው ቦርሳ ይቆጠራሉ።

ኢምፕሬሽን የሚጠቅመው በተለይ ከሪች ጎን ሲነበብ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጠቅላላው ኢምፕሬሽን 75,000 ሲደርስ ሪቹ ከ22,000 ካላለፈ ፍሪኩዌንሲው ወደ 3.4 ወጥቷል። በዚያ ሳምንት የተጨመረው ምላሽ 60 ብቻ ከሆነ፣ ለአዲሶቹ 25,000 ኢምፕሬሽኖች ሲካፈል 0.24 በመቶ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት 1.2 ነበር። ገንዘቡ እየተከፈለ ያለው ፎቶውን ደጋግመው አይተው ለሰለቹ ሰዎች ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ባለሱቁ በጀት ከመጨመሩ በፊት ፎቶውን ይለውጣል፤ ወይም ማስታወቂያው የሚደርሳቸውን ሰዎች ክልል ያሰፋል።