ወርሃዊ ክፍያ የሚደብቀው ዋጋ

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ከኮሌጅ ለምትመረቀው ልጃቸው ስለ መጀመሪያ መኪናዋ ደብዳቤ ጻፉላት። የመኪና ምርጫውን በጥቂት መስመር ነው ያለፉት፤ ጥቂት ዓመት ያገለገለች ኮሮላ ወይም ሲቪክ ትበቃታለች፣ ከመግዛቷ በፊት ግን ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ ይያት። የቀረው ደብዳቤ ስለ ብድር ነው።

ልጅቷ በዓመት 54,000 ዶላር ልታገኝ ነው፤ በወር 4,500 ማለት ነው። ግብር ሲቀነስ እጇ የሚገባው ወደ 3,500 ይሆናል። አባትየው ለመኪና ከጠቅላላ ደመወዟ አሥር በመቶ፣ ማለትም በወር ከ450 ዶላር በላይ እንዳታወጣ ይመክሯታል። በዚህ ውስጥ ኢንሹራንስም አለ። ለወጣት አሽከርካሪ ኢንሹራንስ ውድ ስለሆነ፣ መኪናዋን ከመግዛቷ በፊት ዋጋውን መጠየቅ አለባት። 150 ዶላር ነው ቢሏት ለብድሩ የሚተርፋት 300 ነው።

እንግዲህ መኪናዋ 15,000 ዶላር ናት እንበል። 3,000 ቅድሚያ ከፍላ 12,000ውን በስምንት በመቶ ወለድ ለአራት ዓመት ብትበደር፣ በወር 293 ዶላር ትከፍላለች። ስትጨርስ የከፈለችው በድምሩ 14,064 ይሆናል።

ሻጩ ግን መጀመሪያ የሚጠይቃት «በወር ስንት መክፈል ትችያለሽ?» ብሎ ነው። አባትየው አጥብቀው የሚያስጠነቅቋት እዚህ ላይ ነው። «293» ብላ ከመለሰች፣ ሻጩ ክፍያውን ሳይነካ ዘመኑን ወደ ስድስት ዓመት ያራዝመዋል። ያው 293 ዶላር አሁን የ16,700 ዶላር ብድር ይሸከማል። ልጅቷ የተሻለ መኪና በዚያው ዋጋ ያገኘች ይመስላታል፤ በመጨረሻ ግን የምትከፍለው ከ21,000 ዶላር በላይ ነው።

ጉዳቱ በገንዘቡ ብቻ አያበቃም። ከሦስት ዓመት በኋላ በአራት ዓመቱ ብድር የሚቀርባት ዕዳ 3,400 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በስድስት ዓመቱ ግን 9,300 አካባቢ ነው። መኪናዋ ተጋጭታ ከጥቅም ውጪ ብትሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ እንጂ ዕዳዋን አይደለም። ዋጋው ከዕዳው ካነሰ፣ ልዩነቱን ለሌለ መኪና ትከፍላለች።

ስለዚህ ወደ ሻጩ ከመሄዷ በፊት ከአንድ ክሬዲት ዩኒየን የብድር ፈቃድ ይዛ እንድትሄድ፣ የምትደራደረውም በመኪናዋ ሙሉ ዋጋ ላይ ብቻ እንዲሆን ይነግሯታል። በቨርጂኒያ በየዓመቱ የሚከፈለውን የመኪና ግብር ደግሞ አስቀድማ ታስብበት።

የመጨረሻው ምክራቸው ስለ ፊርማው ነው። በ1968 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አበዳሪው የወለድ መጠኑን፣ የወለዱን ድምር፣ የተበደረችውን ገንዘብና ጠቅላላ ክፍያዋን በግልጽ እንዲጽፍላት ያስገድዳል። የተበደረችው 12,000 ሆኖ ወረቀቱ 14,000 ካለ፣ ያልጠየቀችው የተራዘመ ዋስትና ወይም ሌላ ነገር ተጨምሮባታል ማለት ነው። ያ እስኪሰረዝ ድረስ እስክሪብቶውን አታንሳ።