ኮሚሽኑ የሚታሰበው በየትኛው ብር ላይ ነው?

«ሽያጩ ከ350,000 ብር ሲያልፍ ኮሚሽኑ 4 በመቶ ይሆናል።» ይህን የመሰለች ዓረፍተ ነገር በሽያጭ ሠራተኛ ውል ውስጥ ስትገባ ቀጣሪውም ተቀጣሪውም የተግባቡ ይመስላቸዋል። ጥያቄው የሚነሣው የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ነው። 4 በመቶው የሚታሰበው በጠቅላላው ሽያጭ ላይ ነው ወይስ ከ350,000 በላይ ባለው ጭማሪ ላይ ብቻ? ውሉ ይህን ካልተናገረ ሁለቱም ወገኖች ለየራሳቸው የሚስማማውን መልስ ይዘው ይቀርባሉ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሳሙና፣ የምግብ ዘይትና የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚያከፋፍል አንድ የዱራሜ ጅምላ ነጋዴ አለ እንበል። በሙዱላና በሀደሮ ላሉ ቸርቻሪዎች የሚሸጥለት ሠራተኛ ቀጥሯል። ደመወዙ በወር 6,000 ብር ሲሆን ኮሚሽኑ ሦስት እርከን አለው። እስከ 200,000 ብር ላለው ሽያጭ 2 በመቶ፣ ከ200,000 በላይ እስከ 350,000 ላለው 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 4 በመቶ ነው። ሠራተኛው በወሩ 360,000 ብር ሸጠ።

በጭማሪው ላይ ብቻ ካሰብን የመጀመሪያው 200,000 ብር በ2 በመቶ 4,000 ብር ያስገኛል። ቀጣዩ 150,000 በ3 በመቶ 4,500 ብር ይሆናል። የቀረው 10,000 በ4 በመቶ 400 ብር ነው። ድምሩ 8,900 ብር ይመጣል። በጠቅላላው ላይ ካሰብን ግን 360,000 በ4 በመቶ ተባዝቶ 14,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 5,500 ብር ነው፤ ከወር ደመወዙ ብዙም አያንስም።

ይህ 5,500 በአጋጣሚ የመጣ ቁጥር አይደለም። ሠራተኛው 400,000 ቢሸጥም፣ 600,000 ቢሸጥም በሦስተኛው እርከን ውስጥ እስካለ ድረስ በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ልዩነት ያው 5,500 ነው። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛው በየወሩ እርከን በእርከን መደመር አያስፈልገውም። በሁለተኛው እርከን ሽያጩን በ3 በመቶ አባዝቶ 2,000 ይቀንሳል፤ በሦስተኛው በ4 በመቶ አባዝቶ 5,500 ይቀንሳል። የደመወዝ ግብር የሚያሰሉ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቁታል። በግብር ሠንጠረዡ ዳር ያለው «ተቀናሽ» የሚባለው ቁጥር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

2,000 ብር ሽጦ 3,570 ብር ማግኘት

በጠቅላላው ላይ የሚታሰበው ኮሚሽን ለሠራተኛው የሚያጓጓ ቢመስልም ለንግዱ አደገኛ ነው። የወሩ መጨረሻ ደርሶ ሽያጩ 349,000 ብር ላይ ቆመ እንበል። በ3 በመቶ 10,470 ብር ይከፈላል። ሠራተኛው 2,000 ብር ጨምሮ 351,000 ቢያደርሰው በ4 በመቶ 14,040 ብር ያገኛል። በ2,000 ብር ሽያጭ የ3,570 ብር ጭማሪ ማለት ነው። ሠራተኛው ያን ዕቃ ራሱ ገዝቶ ለጎረቤት ቢያድለው እንኳ 1,570 ብር ይተርፈዋል። እንዲህ ያለ ውል የውሸት ደረሰኝን፣ ለማይከፍል ቸርቻሪ የሚሰጥ ዱቤንና በቀጣዩ ሳምንት የሚመለስ ዕቃን ይጠራል። በጭማሪው ላይ ሲታሰብ ግን ያው 2,000 ብር የሚያስገኘው 70 ብር ብቻ ነው። ለ70 ብር ብሎ ደረሰኝ የሚያበላሽ አይኖርም።

በነጋዴው በኩል ደግሞ እንየው። ከያንዳንዱ መቶ ብር ሽያጭ ኮሚሽን ሳይከፈል 6 ብር ያተርፋል እንበል። ሽያጩ ልክ 350,000 ሲሆን ትርፉ 21,000 ብር ነው። በጠቅላላው ላይ የሚከፍል ከሆነ 10,500 ለሠራተኛው ሰጥቶ 10,500 ይቀረዋል። ሽያጩ 360,000 ሲደርስ ትርፉ 21,600 ሆኖ ኮሚሽኑ ወደ 14,400 ስለሚዘል የሚቀረው 7,200 ብር ነው። ብዙ ሸጦ 3,300 ብር ከሰረ ማለት ነው። በጭማሪው ላይ ሲሆን ግን የሚቀረው ከ12,500 ወደ 12,700 ከፍ ይላል። ነጋዴው ሊጠነቀቅለት የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ የመጨረሻው እርከን መቶኛ ከዕቃው የትርፍ መቶኛ እንዳይበልጥ። ቆርቆሮው የሚያስገኘው ትርፍ 3 በመቶ ብቻ ከሆነ ለእርሱ 4 በመቶ መክፈል ከኪስ ማውጣት ነው።

የዝንጅብል ገንዘብና የወር መዝጊያ

በጭማሪው ላይ ማሰብ ሁሉንም ችግር አይፈታም። ሙዱላ የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ማዕከል ስትሆን አካባቢው ዝንጅብል አምራች ነው። ገበሬው ዝንጅብሉን ሲሸጥ ቆርቆሮውም ዘይቱም ይነሣል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ገበያው ይቀዘቅዛል። በ2004 ዓ.ም. ዝንጅብልን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በሀገሪቱ በተስፋፋ ጊዜ እንደታየው፣ የገበሬው ገቢ ሲመታ የሱቁም ገቢ አብሮ ይመታል። በእንዲህ ያለ ገበያ ሽያጭ ከወር ወር እኩል አይሄድም።

ይህ ለኮሚሽኑ ምን ማለት ነው? በሁለት ወር 240,000፣ 240,000 ብር የሸጠ ሠራተኛ በየወሩ 5,200 ብር፣ በድምሩ 10,400 ብር ያገኛል። በአንዱ ወር 100,000፣ በሌላው 380,000 የሸጠው ደግሞ 2,000 እና 9,700 ብር፣ በድምሩ 11,700 ብር ይወስዳል። የሁለቱም ሽያጭ 480,000 ብር ነው። የ1,300 ብሩን ልዩነት ያመጣው የሽያጩ መከማቸት እንጂ ተጨማሪ ሥራ አይደለም። ይህን የደረሰበት ሠራተኛ በቀዝቃዛው ወር መጨረሻ የመጣለትን ትእዛዝ ለቀጣዩ ወር ቢያቆየው የሚገርም አይሆንም። በየወሩ የመጨረሻ ቀናት ሽያጭ እየደረቀ በቀጣዩ መጀመሪያ የሚጎርፍ ከሆነ ነጋዴው መዝገቡን በቀን ለይቶ ማየት አለበት።

መፍትሔው የሚለካበትን ጊዜ ማስረዘም ነው። ሁለቱ ወራት እንደ አንድ ተቆጥረው እርከኖቹ 400,000 እና 700,000 ቢሆኑ ሁለቱም ሠራተኞች 10,400 ብር ያገኛሉ። ሦስት ወር ከሆነ እርከኖቹ በሦስት ይባዛሉ። ሠራተኛው በየወሩ ቅድሚያ እየተከፈለው በጊዜው መጨረሻ ይተሳሰባል።

የተመለሰ ዕቃም በዚሁ ዓይን ይታያል። ከ360,000 ብሩ ሽያጭ የ40,000 ብር ዕቃ በቀጣዩ ወር ቢመለስ የተሸጠበት ወር እንደገና መታሰብ አለበት። የ320,000 ብር ኮሚሽን 7,600 ብር ስለሆነ ተመላሹ 1,300 ብር ነው። ገበያው በቀዘቀዘበት በቀጣዩ ወር ሒሳብ በ2 በመቶ ቢቀነስ ግን የሚመለሰው 800 ብር ብቻ ይሆናል። በከፍተኛው እርከን የተከፈለ ገንዘብ በዝቅተኛው ከተመለሰ 500 ብር በከንቱ ወጣ ማለት ነው።

ዋጋ ሲጨምር ማን ሸጠ?

እርከኖቹ በብር የተቆረጡ ስለሆኑ የዋጋ ንረት ያንቀሳቅሳቸዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የሚነግድ ሁሉ ይህን ማሰብ ነበረበት። ዋጋ በ50 በመቶ ቢያድግ፣ 240,000 ብር ይሸጥ የነበረው ሠራተኛ አንድም ቆርቆሮ ሳይጨምር 360,000 ይደርሳል። ኮሚሽኑ ከ5,200 ወደ 8,900 ብር ይወጣል፤ የ71 በመቶ ዕድገት ነው። ነጋዴው እርከኖቹን ከዋጋው ጋር ካላነሣ፣ ወይም በካርቶንና በቆርቆሮ ቁጥር ካልቆረጠ፣ የሚከፍለው ለጉልበት ሳይሆን ለዋጋ ንረት ነው።

ሕጉ በሁለት መንገድ ያየዋል

ኮሚሽን ለግብር ሲሆን ገቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለተቀጣሪ የሚከፈል ኮሚሽንን ከደመወዝ ጋር ደምሮ ግብር ያስከፍልበታል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሠንጠረዥ መሠረት በ6,000 ብር ደመወዝ ላይ ብቻ የሚከፈለው ግብር 700 ብር ነው። 8,900 ብር ኮሚሽን ሲጨመርበት ገቢው 14,900፣ ግብሩም 3,165 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከ8,900 ብሩ ለሠራተኛው እጅ የሚገባው 6,435 ብር ነው። ኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛው የግብር እርከን ስላስገባው ሠራተኛው ከበፊቱ ያነሰ ይዞ አይሄድም፤ 35 በመቶውም የሚመታው ከ14,000 በላይ ያለውን 900 ብር ብቻ ነው። በራሱ የሚሠራ ደላላ ግን ተቀጣሪ ስላልሆነ የሚከፍለው የንግድ ገቢ ግብር ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ኮሚሽን ደመወዝ አይደለም። አንቀጽ 53 ደመወዝ ሆነው ከማይቆጠሩት ክፍያዎች መካከል ይዘረዝረዋል። ስለዚህ በደመወዝ መጠን የሚሰላ ክፍያ፣ ለምሳሌ የሥራ ስንብት፣ በ6,000 ብሩ እንጂ በ14,900ው አይታሰብም። ዝቅተኛ ደመወዝና ከፍተኛ ኮሚሽን የሚቀርብለት ሠራተኛ ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

እንግዲህ ውሉ እንዲህ ቢጻፍ ክርክሩ በር ላይ ይቀራል፦ «እያንዳንዱ መቶኛ የሚታሰበው በእርከኑ ውስጥ በሚወድቀው የሽያጭ መጠን ላይ ብቻ ነው፤ ሽያጭ የሚባለው ዕቃው ተረክቦ ገንዘቡ የተሰበሰበ ሲሆን ነው፤ የተመለሰ ዕቃ ከተሸጠበት የሒሳብ ጊዜ ላይ ይቀነሳል።» ከሥሩም የ360,000 ብሩን ሽያጭ ሒሳብ እስከ 8,900 ድረስ ሠርቶ ማያያዝና በሁለቱም ማስፈረም ነው።