የደበዘዘ ሎጎን ለጥቁር መደብ እንደገና መሳል

በቴሌግራም ሲዘዋወር የከረመ ሎጎ አብዛኛውን ጊዜ ማተሚያ ቤት የሚደርሰው አንሶና ደብዝዞ ነው። ስፋቱ 180 ፒክስል የሆነ የቡና ቤት ሎጎ 2 ሜትር በሚሰፋ ባነር ላይ ከተለጠጠ፣ እያንዳንዱ ፒክስል ከ1 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ካሬ ይሆናል። ፋይሉ ውስጥ የሌለ ዝርዝር ደግሞ በማሳደግ አይገኝም። ስለዚህ ቅርጹ በቬክተር እንደገና ይሳላል። ቬክተር ምስልን የሚይዘው በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ መስመሮች ስሌት በመሆኑ፣ ምንም ያህል ቢያድግ ጠርዙ አይሸራረፍም።

በነፃ የሚገኘው ኢንክስኬፕ ይህን በራሱ የሚሠራ Trace Bitmap የሚባል ትእዛዝ አለው። ለትልቅና ጥርት ላለ ምስል ይበጃል፤ ትንሽ ምስል ሲሰጠው ግን ድብዘዛውንም እንደ ቅርጽ ቆጥሮ በብዙ ነጥብ ይከበዋል፣ ክቡም የተጨፈለቀ ድንች መስሎ ይወጣል። በእጅ መሳሉ ብዙ ጊዜ ፈጣኑ መንገድ ነው።

ሎጎው በክብ ውስጥ ያለ ቡናማ ጀበና ነው እንበል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ቅጠል አለው። አሮጌው ምስል ፈዘዝ ተደርጎ ከታች ይቆለፋል። ክቡ በክብ መሣሪያው ይሠራል እንጂ በእጅ አይከተልም። የጀበናው ሆድ በብዕር መሣሪያ ሲሳል ነጥቦቹ የሚቀመጡት ኩርባው ጫፍ በሚደርስባቸው ቦታዎች ብቻ ነው፦ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ። ነጥብ በበዛ ቁጥር መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ጽሑፉም ፊደሉ ከታወቀ በዚያው ይጻፍና ወደ ቅርጽ ይለወጣል፤ ያለዚያ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ መልኩ ይቀየራል።

ብዙዎች የሚስቱት የጀበናውን እጀታ ቀዳዳ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ቀዳዳውን በነጭ ቅርጽ መሸፈን ምንም አያስታውቅም፤ መደቡ ሲጠቁር ግን ነጭ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳው Difference በሚለው ትእዛዝ በእውነት መቆረጥ አለበት። ከሎጎው ጀርባ ደማቅ ሮዝ ሰሌዳ ለጊዜው ቢቀመጥ የተረሳ ነጭ ሁሉ ይጋለጣል።

ከዚያ ቀለሙ ይቀጥላል። ቡናማው #4A2C1A ከነጭ ጋር ያለው የብርሃን ንፅፅር 12.6 ለ1 ያህል ነበር፤ #121212 በሆነ ጥቁር መደብ ላይ 1.5 ለ1 ብቻ ይሆንና ጀበናው ይጠፋል። ሎጎን ባያስገድድም፣ በድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ትርጉም ላላቸው ምስሎች የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 3 ለ1 ነው። በክሬም #F2E6D0 ሲተካ ወደ 15 ይወጣል። አረንጓዴው #1E6B3A በጥቂቱ ከ3 በታች ስለሆነ፣ ዝርያው ሳይቀየር ወደ #4FA36B ይፈካል፤ ይህም 6 ያህል ይሰጣል። ቀለሞቹን በጅምላ መገልበጥ ግን አያዋጣም፤ አረንጓዴው ሮዝ ይሆናል፣ በጀበናው ሆድ ላይ ያለው የብርሃን ነጸብራቅም ጥላ መስሎ ይታያል። በክሬሙ ጀበና ላይ ነጸብራቁን ጨርሶ ማውጣት ይሻላል።

ፈካ ያለ ቅርጽ በጥቁር ላይ ከልኩ ወፍሮ ስለሚታይ፣ ቀጫጭኖቹ የእንፋሎት መስመሮች በጥቂቱ ይሳሳሉ፤ ከመጠን ካለፈ ግን ሎጎው በስልክ ላይ ሲያንስ መስመሮቹ ይጠፋሉ። የነጭ መደቡና የጥቁር መደቡ ሎጎ በሁለት የተለያዩ የSVG ፋይሎች ይቀመጣሉ።